«ወደ ቀኝ ሄደ» ማለት K ጨመረ ማለት አይደለም፦ «አራት መስመር» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«የኢኩሊብሪየም ጥያቄ አራት መስመር ብቻ ነው። አንድ፦ የጨመርከው ነገር እንዲጠፋ ሪአክሽኑ ይሄዳል፤ ወደ ቀኝ ከሄደ K ይጨምራል፣ ወደ ግራ ከሄደ ይቀንሳል። ሁለት፦ ግፊት ሲጨምር ሞል ወደሚያንስበት ነው። ማንኛውም ጋዝ ሲገባ ግፊት ይጨምራልና ሕጉ አንድ ነው። N2O4 እና NO2 ሲታመቁ ቡናማው ቀለም ከነበረው ይፈዝዛል። ሦስት፦ ሙቀት ሪአክሽን ያፈጥናል፣ ስለዚህ ፕሮዳክት ይበዛል። አራት፦ ሪአክታንት ጨምር፣ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ነው። ይህን የሸመደደ ፈተና ላይ አይሳሳትም።»

ጽሑፉን መጀመሪያ ያየሁት አራት ኪሎ፣ ተማሪ ከማስጠናበት ክፍል ጎን ባለ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ቅዳሜ ጠዋት አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ አንዱን ቅጂ አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከትታ መጣች። «ቲቸር፣ ይሄን ውሃ አድርጌ ሸምድጄው ነበር፣ ታዲያ ለምን ኤክስ ሆነብኝ?» አለችና የሙከራ ፈተናዋን ዘረጋችልኝ። ጥያቄው N2O4 እና NO2 በሚዛን ላይ ሳሉ፣ ሙቀቱ ሳይነካ የዕቃው ይዘት በግማሽ ቢቀነስ፣ በአዲሱ ሚዛን የNO2 ኮንሰንትሬሽንና K ከመጀመሪያው ጋር ሲነጻጸሩ እንዴት ይሆናሉ የሚል ነው። እሷ ሁለቱም ይቀንሳሉ ብላ መልሳለች። ሁለቱም ስህተት ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ልጅቷ የሸመደደችውን አልዘነጋችም። የሸመደደችውን በትክክል ነው የጻፈችው።

ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም። ተማሪ ለመርዳት እንደጻፉት ግን ያስታውቃል። ስለዚህ በነጥባቸው ቅደም ተከተል ልሂድ፤ አንዱ ጋ ቆየት፣ ሌላው ጋ ፈጠን እላለሁ።

ስለ አንደኛው

ሁለት ነገር ተደባልቋል። አንዱ K ነው፣ ሌላው Q። ሁለቱም የሚሰሉት በአንድ ዓይነት ክፍልፋይ ስለሆነ ማደባለቁ አያስገርምም። ለሪአክሽናችን እንዲህ ነው፦

```
N2O4(g) ⇌ 2NO2(g)
Q = [NO2]² / [N2O4]
```

በዚህ ክፍልፋይ ውስጥ በዚያች ደቂቃ ዕቃው ውስጥ ያለውን ኮንሰንትሬሽን ብታስገቡ የምታገኙት Q ነው። ነገሩ ተረጋግቶ ወደፊት የሚሄደውና ወደኋላ የሚመለሰው እኩል ሲሆኑ Q የሚያርፍበት ቁጥር ደግሞ K ነው። ያ ማረፊያ ለአንድ ሪአክሽን በአንድ ሙቀት አንድ ነው። ዕቃው ውስጥ ምን ብትጨምሩ፣ ምን ብትቀንሱ የምታንቀሳቅሱት Qን ነው። Q ከK ካነሰ ሪአክሽኑ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ከበለጠ ወደ ግራ፤ የሚሄደውም Q ተመልሶ K እስኪሆን ድረስ ነው። «ወደ ቀኝ ሄደ» ስንል Q ወደ ነባሩ K ተመለሰ ማለታችን ነው። K ራሱ ከቦታው አልተነሳም።

በቁጥር እንየው። በ25 ዲግሪ የዚህ ሪአክሽን Kc 0.0046 ነው እንበል፤ የትምህርት መጻሕፍት ከሚሰጡት አይርቅም። በተዘጋ ዕቃ ውስጥ NO2 በሊትር 0.0060 ሞል፣ N2O4 ደግሞ 0.0078 ሞል አለ። 0.0060ን በራሱ አባዝታችሁ ለ0.0078 ስታካፍሉ 0.0046 ይመጣል፤ ሚዛን ላይ ነን ማለት ነው። አሁን ይዘቱን ሳንነካ N2O4ን እጥፍ እናድርገው፣ 0.0156። በዚያች ቅጽበት Q በግማሽ ወርዶ 0.0023 ይሆናል፣ ሪአክሽኑም ወደ ቀኝ ይነሳል። ስሌቱን እስከ መጨረሻ ከወሰዳችሁት NO2 0.0082፣ N2O4 0.0145 ላይ ይቆማሉ። እስቲ አካፍሉት፤ እንደገና 0.0046 ነው። ፕሮዳክቱ ጨምሯል፣ K ግን ንቅንቅ አላለም። ጸሐፊው ከክፍልፋዩ በላይ ያለው ሲያድግ አዩና ከታች ያለውም አብሮ እንዳደገ ሳያዩ ቀሩ።

እዚሁ ላይ «እንዲጠፋ» የሚለውን ቃል ልንካው። ከጨመርነው 0.0078 ውስጥ የተበላው 0.0011 ያህል ነው፤ ከሰባት አንድ እጅ። የቀረው እዚያው አለ። ሪአክሽን ለውጡን ያለዝበዋል እንጂ አያጠፋውም። ይህቺ ቃል ትንሽ ትመስላለች፣ ግን ቀጥሎ ላለው ስህተት ሁሉ መነሻዋ እሷ ናት።

ስለ ሁለተኛው፣ በተለይ ስለ ቀለሙ

ጸሐፊው ቀለም ያነሡት ጥሩ አድርገዋል። NO2 ቡናማ ነው፣ N2O4 ቀለም የለውም፤ ስለዚህ ሚዛኑን በዓይን ማየት ይቻላል። ችግሩ የጻፉትን ቀለም ሲሪንጁ ላይ አላዩትም።

ያንኑ ድብልቅ 100 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ውስጥ እናስብ። ከደረቅ አየር ጋር የተቀላቀለ ይሁን። ንጹሑ ለብቻው ቢሆን 25 ዲግሪ ላይ ሲታመቅ ቶሎ ፈሳሽ መሆን ይጀምራል፤ N2O4 በባሕር ወለል ግፊት የሚፈላው 21 ዲግሪ ላይ ነውና። ፈሳሽ ከታየ ደግሞ ከዚህ በታች ያለው ስሌት ሁሉ አይሠራም። ጋዙ መርዝ መሆኑን አትርሱ፤ ጭስ መሳቢያ ባለበት ላብራቶሪ ካልሆነ አይሞከርም።

መግፊያውን ቶሎ ብለን 50 ሚሊ ሊትር ላይ እናድርሰው። በመጀመሪያዋ ቅጽበት ማንም ሪአክት ለማድረግ ጊዜ አላገኘም፣ ሁሉም ነገር ተጠጋግቷል ብቻ። NO2 ከ0.0060 ወደ 0.0120፣ N2O4 ከ0.0078 ወደ 0.0156 ዘልሏል። ከጎን ስታዩት ጠቆረ። Q 0.0092 ሆኗል፣ የK እጥፍ። ስለዚህ ወደ ግራ፤ ሁለት NO2 እየተጋጠሙ አንድ N2O4 ይሆናሉ። ቀለሙ ወዲያውኑ ሳሳ ይላል። «ይፈዝዛል» የተባለው ይህ ነው፣ እስከዚህ ድረስ ልክ ነው። ግን የት ላይ ይቆማል? NO2 0.0089 ላይ፣ N2O4 0.0172 ላይ። 0.0089 ከ0.0120 ያንሳል፣ ከ0.0060 ግን በግማሽ ያህል ይበልጣል። ከጎን የሚያይ ዓይን የሚያገኘው መጀመሪያ ጠቆር፣ ቀጥሎ ሳሳ፣ በመጨረሻ ግን ከመነሻው የጠቆረ ቀለም ነው። የልጅቷ ጥያቄ መልስም ይኸው ነው፤ የNO2 ኮንሰንትሬሽን ይጨምራል፣ K እንዳለ ይቀመጣል።

«ታዲያ ወደ ግራ ሄደ እያልን NO2 እንዴት ይጨምራል?» ብላ ተቆጣች፤ መቆጣቷም ተገቢ ነው። የጨመረው ኮንሰንትሬሽኑ ነው። ብዛቱ ቀንሷል። መጀመሪያ 100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 0.60 ሚሊሞል NO2 ነበረ። አሁን 50 ሚሊ ሊትር ውስጥ 0.445 ሚሊሞል አለ። ከሩብ በላይ የሚሆነው ጠፍቶ N2O4 ሆኗል፤ የቀረው ግን በግማሽ ቦታ ታጭቋል።

ይህንን በዓይን የሚለይ አንድ ዘዴ አለ፣ ብዙ ሰው አያወራውም እንጂ። ሲሪንጁን ከጎን ሳይሆን ከጫፉ በኩል፣ በርዝመቱ አሻግራችሁ እዩት። ከጎን ስታዩ ብርሃኑ የሚያልፍበት ስፋት ከመታመቁ በፊትም በኋላም አንድ ነው፣ ስለዚህ ዓይናችሁ የሚለካው ኮንሰንትሬሽንን ነው። በርዝመቱ ስታዩ ግን መንገዱ በግማሽ አጥሯል፤ ዓይናችሁ በመንገዱ ላይ ያለውን የNO2 ብዛት ይቆጥራል። ያ ብዛት ከ0.60 ወደ 0.445 ስለወረደ ከመነሻው የሳሳ ቀለም ታያላችሁ። አንድ ሲሪንጅ፣ አንድ ሪአክሽን፣ ከጎን ጠቆረ፣ ከጫፍ ሳሳ። ምናልባት ጸሐፊው የሰሙት ከጫፍ ያየ ሰው የተናገረውን ይሆናል፤ ይህን እንደ ማቅለያ እቀበልላቸዋለሁ።

ግፊቱም ያንኑ ይመሰክራል። የሁለቱ ጋዞች ድርሻ መጀመሪያ 0.34 አትሞስፌር ገደማ ነበር፣ ሲታመቅ 0.68 ሆነ፣ ሪአክሽኑ ካረፈ በኋላ 0.64። ለዘብ አለ እንጂ 0.34 አልተመለሰም።

አሁን «ማንኛውም ጋዝ» ወደሚለው እንምጣ። ይኸው ሲሪንጅ መግፊያው ተቆልፎ አርጎን ብንጨምርበት አጠቃላይ ግፊቱ ይጨምራል። ግን NO2 በሊትር ስንት ነው? ያው 0.0060። N2O4ስ? ያው። Q የሚያውቀው እነዚህን ሁለቱን ብቻ ነው፤ አርጎን በክፍልፋዩ ውስጥ ስሙ የለም። Q አልተነካም፣ ሪአክሽኑም የትም አይሄድም። ተማሪ የሚሳሳተው የግፊት መለኪያው ሲወጣ ስላየ ነው።

መግፊያውን ብንፈታው ነገሩ ይገለበጣል። የውጭው አየር ግፊት አይለወጥም፤ ስለዚህ አርጎኑ ሲገባ መግፊያው ወደ ውጭ እየተንሸራተተ ቦታ ይለቃል። ይዘቱ እጥፍ እስኪሆን ብንጨምር NO2ም N2O4ም በግማሽ ይቀጥናሉ። Q በግማሽ ይወርዳል፣ ሪአክሽኑም ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ሞል ወደሚበዛበት! «ጋዝ ስለገባ ሞል ወደሚያንስበት» ያለ ተማሪ እዚህ ላይ ፍጹም ተቃራኒውን ይጽፋል። እንግዲህ ጥያቄው ላይ «በቋሚ ይዘት» ወይስ «በቋሚ ግፊት» እንደተባለ ሳያዩ መልስ መስጠት አይቻልም። ሁለቱ ቃላት ለሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው።

በነገራችን ላይ እኛ ባለንበት ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ አካባቢ ነው። በአንድ ዓይነት ሙቀት፣ መግፊያው የተፈታ አንድ ዓይነት ሲሪንጅ ጅቡቲ ወደብ ላይና አራት ኪሎ ላይ ብናስቀምጥ፣ የአራት ኪሎው ይሰፋል፤ ከN2O4 ውስጥም የተሰነጠቀው ድርሻ ይበልጣል። K ግን እዚያም እዚህም 0.0046 ነው።

ስለ ሦስተኛው

እዚህ ላይ ፍጥነትና መድረሻ ተምታተዋል። ሙቀት ሲጨምር ወደፊት የሚሄደው ይፈጥናል፣ እውነት ነው። ወደኋላ የሚመለሰውም ይፈጥናል። ጥያቄው የትኛው ይበልጥ ይፈጥናል የሚለው ነው። መልሱ ደግሞ የትኛው ከፍ ያለ የጉልበት ዳገት አለበት ከሚለው ይመጣል፤ ዳገቱ የሚረዝምበት በሙቀት ይበልጥ ይጠቀማል። ሪአክሽኑ ሙቀት የሚስብ ከሆነ ረጅሙ ዳገት በመሄጃው በኩል ነው፣ ስለዚህ K ያድጋል። ሙቀት የሚያወጣ ከሆነ ረጅሙ ዳገት በመመለሻው በኩል ነው፣ K ይቀንሳል። ካታሊስት ከዚህ የሚለየው የሁለቱንም ዳገት እኩል ዝቅ ስለሚያደርግ ነው፤ ቶሎ ያደርሳል፣ መድረሻውን አይነካም።

የእኛ ሪአክሽን ሙቀት ይስባል፤ N2O4ን ለመሰንጠቅ በሞል 57 ኪሎ ጁል ገደማ። ያንን ድብልቅ አሁን በማይሰፋ ብርጭቆ ቱቦ አሽገን፣ አንዱን በረዶ ውሃ ውስጥ፣ ሌላውን 60 ዲግሪ ውሃ ውስጥ እናድርግ። በቫንት ሆፍ ቀመር ስናሰላው Kc በዜሮ ዲግሪ ወደ 0.0006 ይወርዳል፣ በ60 ዲግሪ ወደ 0.047 ይወጣል። NO2ም በበረዶው ቱቦ 0.0024፣ በሙቁ 0.0137 ይሆናል፤ መካከል ላይ የነበረው 0.0060 ነው። የበረዶው ገርጥቶ ቢጫ ቢጤ ይሆናል፣ የሙቁ እንደ ቡና አተላ ይጠቁራል። እዚህ ጋ ብቻ ነው K ራሱ የተነሳው። ከላይ ስንጨምር፣ ስናምቅ፣ አርጎን ስናስገባ ውለን 0.0046 ንቅንቅ አላለም ነበር፤ ሙቀቱ በ35 ዲግሪ ሲወጣ አሥር እጥፍ አደገ።

ሙቀት ፕሮዳክት ያበዛል የሚለውን ለመጣል ግን የሚያስፈልገው ሌላው ሪአክሽን ነው፤ ማዳበሪያ የሚሠራበት አሞኒያ።

```
N2(g) + 3H2(g) ⇌ 2NH3(g)
```

ይህ እንደተጻፈው 92 ኪሎ ጁል ያወጣል። Kp በ25 ዲግሪ ከመቶ ሺህ በላይ ነው፤ በ400 ዲግሪ ከአንድ ሺሕኛ በታች ይወርዳል። ሙቀት ጨምረን ፕሮዳክት ይበዛል ብንል ፋብሪካው ባዶውን ይውላል። ታዲያ ለምንድን ነው ፋብሪካዎቹ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ የሚያሞቁት? ቀዝቃዛው ላይ ሚዛኑ ያማረ ነው፣ ግን ብረት ካታሊስት እያለ እንኳ እስኪደርስ አይጠበቅም። ስለዚህ በሙቀት ፍጥነትን ይገዛሉ፤ በዚያ ያጡትን ሚዛን ደግሞ ከ150 አትሞስፌር በላይ በሆነ ግፊት ከፊሉን ያስመልሳሉ፣ አሞኒያውንም እያቀዘቀዙ ፈሳሽ አድርገው ያወጣሉ። ጸሐፊው ሙቀቱን ያዩት ምናልባት ከዚህ ነው፤ ፋብሪካ ያሞቃልና ሙቀት ምርት ያበዛል ብለው።

ስለ አራተኛው

«ሁልጊዜ» የሚለው ቃል ባይኖር ይህን ነጥብ በዝምታ አልፈው ነበር። በተዘጋና በማይሰፋ ዕቃ ውስጥ ከሆነ ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ ፈተና ላይ የሚመጣውም አብዛኛውን ጊዜ ያ ነው። ንጹሕ ጠጣር ነገር ካልሆነ በቀር ማለቴ ነው፤ ካልሲየም ካርቦኔት ሲሰነጠቅ ካልሲየም ካርቦኔት ብትጨምሩበት የትም አይሄድም፣ በክፍልፋዩ ውስጥ የለምና። ግን መግፊያው በተፈታ፣ ግፊቱ ቋሚ በሆነ ዕቃ ውስጥ አሞኒያ እየሠራን ናይትሮጅን ብንጨምር ወደ ግራ የሚሄድበት ጊዜ አለ። ለተማሪዬ ይህን ስነግራት ቀና ብላ አየችኝ። እንዳሾፍኩባት ነው የቆጠረችው።

ስሌቱ እነሆ። በአሞኒያው ክፍልፋይ ውስጥ ከላይ NH3 ሁለት ጊዜ አለ፤ ከታች N2 አንድ ጊዜ፣ H2 ሦስት ጊዜ፣ በድምሩ አራት። እያንዳንዱ ኮንሰንትሬሽን «ሞል ለይዘት» ስለሆነ ይዘቱ ከላይና ከታች ሲጣፋ ይዘት በራሱ የተባዛ ከላይ ይቀራል። ግፊትና ሙቀት ቋሚ ከሆኑ ደግሞ ይዘቱ አጠቃላይ የሞሉን ብዛት ተከትሎ ይሰፋል። ስለዚህ ለማነጻጸር ይህቺ ትበቃናለች፦

```
Q ∝ (n_total)² × (n_NH3)² / (n_N2 × (n_H2)³)
```

ናይትሮጅን የበዛበት ድብልቅ እንውሰድ፤ 6 ሞል N2፣ 2 ሞል H2፣ 2 ሞል NH3፣ ድምር 10፣ ሚዛን ላይ ያረፈ። 10 በራሱ 100፣ ሲባዛ 4፣ 400 ነው። ከታች 6 ሲባዛ 8፣ 48። ሲካፈል 8.33 ይመጣል፤ በዚህ መለኪያ K ይህ ነው። አሁን 3 ሞል N2 እንጨምር። ድምሩ 13 ሆነ፤ በራሱ 169፣ ሲባዛ 4፣ 676። ከታች 9 ሲባዛ 8፣ 72። ሲካፈል 9.39። Q ከK በለጠ። ሪአክሽኑ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ናይትሮጅን ጨምረን አሞኒያ ፈረሰ።

ምን ሆነ? ናይትሮጅኑ ሲገባ ዕቃው ሰፋ፣ ሲሰፋ ሃይድሮጅኑ ቀጠነ። ሃይድሮጅን በክፍልፋዩ ሦስት ጊዜ ስለሚቆጠር የእሱ መቅጠን የናይትሮጅንን መብዛት በለጠው። ናይትሮጅኑ እንደ ሪአክታንት ወደ ቀኝ ሲገፋ፣ እንደ አርጎን ደግሞ ቦታ እያሰፋ ወደ ግራ ጎተተ፤ ሁለተኛው አሸነፈ። ከላይ በሲሪንጁ ያየነው የተፈታ መግፊያ ነገር ነው፣ በሌላ ልብስ መጣ እንጂ።

ድንበሩም የሚታወቅ ነው። ድብልቁ ውስጥ ናይትሮጅን ከአጠቃላይ ሞሉ ከግማሽ በላይ ከሆነ፣ ትንሽ ስትጨምሩ ወደ ግራ ነው፤ ከግማሽ በታች ከሆነ ወደ ቀኝ። ቁጥሮቹን ገልብጣችሁ 2 ሞል N2፣ 6 ሞል H2፣ 2 ሞል NH3 ላይ ሞክሩት። 400 ለ432፣ 0.93 ነው። 1 ሞል N2 ስትጨምሩ 484 ለ648፣ 0.75። Q ከK አነሰ፣ ወደ ቀኝ። በሃይድሮጅን በኩል ግን እንዲህ ያለ ወጥመድ የለም። የእሱ ሦስት፣ ከይዘቱ ሁለት ስለሚበልጥ ሃይድሮጅን መጨመር በቋሚ ግፊትም ወደ ቀኝ ነው። የፋብሪካ ሰዎች ከዚህ ጋር ተገናኝተው ላያውቁ ይችላሉ፤ ጋዙን አንድ ናይትሮጅን ለሦስት ሃይድሮጅን አድርገው ስለሚያስገቡ ናይትሮጅኑ ወደ ግማሽ አይጠጋም።

ሌ ሻተሊየ ሕጉን ያወጣው በ1884 ነው። ሕጉ «ሥርዓቱ ለውጡን ይቃወማል» ተብሎ በደፈናው ሲነገር ችግር እንዳለበት ፓውል ኤረንፌስት በ1911 ጽፎበታል። ይህንን የማነሣው ጸሐፊውን ለማሳነስ አይደለም፤ እሳቸው የወደቁበት ጉድጓድ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ለተማሪ የምሰጠው ግን ያንን ዓረፍተ ነገር አይደለም። ሙቀት ተለውጦ እንደሆነ ጠይቁ፤ ካልተለወጠ K አይነካም። ከዚያ በዚያች ቅጽበት ኮንሰንትሬሽኖቹ ስንት እንደሆኑ ጽፋችሁ Qን ከK ጋር አስተያዩ። አርጎኑም፣ ሲሪንጁም፣ ናይትሮጅኑም በዚህ አንድ መንገድ ነው የተፈቱት።

ልጅቷ የናይትሮጅኑን ስሌት በራሷ እጅ ሁለቴ ሠራችው። 9.39 ሁለቴ ሲወጣላት ከቦርሳዋ ያቺን ፎቶ ኮፒ አወጣችና አራተኛው መስመር ላይ «ሁልጊዜ»ን ሰርዛ በላዩ «መግፊያው ከተቆለፈ» ብላ ጻፈች። አንደኛውን መስመር ግን ምኑን ትተው፣ ከK ጀምሮ እስከ መጨረሻው አጠቆረችው።